የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር፦ አንድ የክፍልፋይ ትምህርት ለተለያዩ ልጆች እንዴት ይታቀዳል?

ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ የተዘጋጀ አንድ የዕለት ዕቅድ እንመልከት። ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ዓላማው እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎች በመጽሐፉ ያሉትን የቃላት ጥያቄዎች አንብበው፣ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ወደ የጋራ ታህት በመቀየር ያነጻጽራሉ፤ ሥራቸውንም ደረጃ በደረጃ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።»

ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። እኔም ለዓመታት እንዲህ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ግን ቀስ ብለን እናንብበው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ጽሑፍ ማንበብ ነው። ሁለተኛው አንድን የስሌት ስልት መከተል ነው። ሦስተኛው የሁለት ክፍልፋዮችን መጠን ማነጻጸር ነው። አራተኛው በእጅ መጻፍ ነው። መምህሩን «ዛሬ ልጆቹ ምን አውቀው እንዲወጡ ትፈልጋለህ?» ብትሉት የሚነግራችሁ ሦስተኛውን ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሳይጠሩ ገብተው የተቀመጡ ናቸው።

አሁን ልጆቹን እናስባቸው። አንዷ ፊደል አንብባ ቃል ለመመሥረት ከሌሎች ሦስት እጥፍ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ስለ መጠን ግን ጥሩ አድርጋ ታስባለች። አንዱ የማየት ችግር ስላለበት የመጽሐፉ ፊደል ያንስበታል። አንዷ መስማት የተሳናት ናት፤ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ትማራለች። አንዱ ረጅም መመሪያ ሲሰማ መሃል ላይ ይጠፋበታል። አንዱ ደግሞ ስልቱን ከቤት ተምሮ መጥቷል፤ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም። በዚያ ዓላማ መሠረት የመጀመሪያዋ ልጅ ትወድቃለች፤ የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ያልፋል። የክፍልፋይን መጠን የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ዩኒቨርሳል ዲዛይን ፎር ለርኒንግ፣ ማለትም ትምህርትን ከመነሻው ለሁሉም ተማሪ እንዲሆን አድርጎ መንደፍ፣ በአጭሩ ዩዲኤል የሚባለው አካሄድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንቅፋቱን ልጁ ውስጥ ከመፈለግ በፊት ዕቅዱ ውስጥ ይፈልጋል።

ስሙ የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው። «ዩኒቨርሳል ዲዛይን» የሚለውን አነጋገር ያስተዋወቀው ሮን ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ ነበር። ሕንፃ ከተሠራ በኋላ መወጣጫ ከመለጠፍ፣ ሲነደፍ ጀምሮ ሁሉም እንዲገባበት አድርጎ መንደፍ ይሻላል የሚል ነው ሐሳቡ። ይህን ወደ ትምህርት ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ካስት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። አን ማየር እና ዴቪድ ሮዝ ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። ሥራቸውን ሲጀምሩ የሚጠይቁት «ይህ ልጅ የታተመውን መጽሐፍ እንዲጠቀም በኮምፒውተር እንዴት እንርዳው?» ብለው ነበር። እያደር ጥያቄው ተገለበጠ፤ መጽሐፉስ ለምን በአንድ መልክ ብቻ ይመጣል ማለት ጀመሩ። መመሪያቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ሦስተኛው ዋና እትም ደግሞ በ2024።

መመሪያው ሦስት መርሆች አሉት። ተማሪው ወደ ትምህርቱ የሚገባበትንና የሚጸናበትን መንገድ አብዛ። ትምህርቱ የሚቀርብበትን መንገድ አብዛ። ተማሪው የሚሠራበትንና ያወቀውን የሚያሳይበትን መንገድ አብዛ። ከእነዚህ ሥር ብዙ ዝርዝር ነጥቦች አሉ። ዝርዝሩን ይዞ አንድ የ40 ደቂቃ ዕቅድ ላይ ሁሉንም ለመሙላት የሚሞክር መምህር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰለቻል። መጀመሪያ ዓላማውን እናጽዳ። ሌላው ከዚያ ይከተላል።

አዲሱ ዓላማ እንዲህ ይሁን፦ «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮች ሲሰጧቸው የትኛው እንደሚበልጥ ይወስናሉ፤ ምክንያቱንም በክፍሎቹ መጠን ያስረዳሉ።» ንባቡ ወጣ። የእጅ ጽሑፉ ወጣ። የጋራ ታህት ማግኘት ከብዙ መንገዶች አንዱ ሆነ። «ያስረዳሉ» የሚለው ግን ገባ፤ እሱ ደግሞ ፈጣኑን ልጅ የሚፈትን ነው። ስለዚህ ዓላማውን ማጽዳት ትምህርቱን አላቀለለውም። ክብደቱ ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲያርፍ ነው ያደረገው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ድጋፍ የምንመዝንበት አንድ ጥያቄ ይኖረናል። «ይህ ድጋፍ ልጁ ዛሬ ሊማር የሚገባውን ሥራ ይሠራለታል? ወይስ ከሌላ ሥራ ይገላግለዋል?» ምሳሌ ልስጥ። የማባዛት ሠንጠረዥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ወይ? ይቀመጥ። ዛሬ 3 ሲባዛ በ4 ስንት እንደሆነ በቃል ማወቅን አንፈትንም። ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ የሚቀይር ካልኩሌተርስ? እሱ ለዛሬ ይቅር። 0.667 እና 0.75 ብሎ ከሰጠው፣ ልጁ ሊያስብ የሚገባውን ማሽኑ አሰበለት። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንበብስ? ይነበብ፤ ትምህርቱ ሒሳብ ነው። በንባብ ክፍለ ጊዜ፣ ዓላማው ፊደል አንብቦ ቃል መመሥረት በሆነበት ዕለት ግን ያው ድጋፍ ትምህርቱን ራሱን ይወስደዋል። አንድ ድጋፍ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም። ዓላማው ነው የሚወስነው። ብዙ ክርክር ሲነሳ የማየው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

አሁን ዕቃውን እናዘጋጅ። ለዚህ ትምህርት የምመርጠው ርዝመቱ 24 ሴንቲሜትር የሆነ ስትሪፕ፣ ማለትም ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ነው። ለምን 24? ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከተለመደው ኤፎር ወረቀት ቁመትም ይወጣል። 2/3 በዚህ ስትሪፕ 16 ሴንቲሜትር ነው፤ 3/4 ደግሞ 18። ልዩነቱ በዓይንም በጣትም ይለያል። በአምስተኛ የሚካፈሉትን ለዛሬ እንተዋቸው፤ 24 ለ5 ሲካፈል 4.8 ስለሚመጣ መስመሩ ሲሠመር ይዛነፋል። የተዛነፈ ስትሪፕ የተሳሳተ ትምህርት ነው የሚሰጠው።

ልጆቹ ራሳቸው ወረቀቱን ያጥፉ የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ለግማሽና ለሩብ ጥሩ ነው። ሦስት እኩል ቦታ ማጠፍ ግን ለአዋቂም ያስቸግራል። የልጁ ሲሶዎች እኩል ካልሆኑ 2/3 ከ3/4 በልጦ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ «አንተ ስላጠፍከው ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። እጁን እንደ ልብ ለማዘዝ የሚቸገር ልጅ ደግሞ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ማጠፍ ላይ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መስመሮቹ አስቀድመው ይሠመሩ።

በመጀመሪያ ዓመቶቼ ስትሪፖቹን በቀለም ብቻ ነበር የለየኋቸው። ሲሶው ቀይ፣ ሩቡ አረንጓዴ። አንድ ልጅ ደጋግሞ የተሳሳተውን ሲያነሳ እኔ ያልገባው መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይለትም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍል ላይ 1/3፣ 1/4 ተብሎ በወፍራሙ ይጻፍበታል። በየመስመሩ ጫፍ ላይም በመቀስ ትንሽ ጥርስ ይቆረጣል። የማየት ችግር ያለበት ልጅ ጥርሱን በጣቱ ይቆጥራል። ጨርሶ ለማያይ ልጅም ይሠራል፤ ሁለቱን ስትሪፖች የሚያስደግፍበት ቀጥ ያለ የሳጥን ጠርዝ ከተሰጠው መነሻቸው አይንሸራተትበትም። ለዚህ ተጨማሪው ሥራ ምሽት ላይ 20 ደቂቃ ያህል መቀስ መያዝ ነው። ስትሪፖቹ ደግሞ ለዓመታት ያገለግላሉ።

ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ሁለት እኩል ጠርሙሶች አሉ። አንዱ 2/3ኛው ድረስ ውሃ አለው፤ ሌላው 3/4ኛው ድረስ። የትኛው ብዙ ውሃ ይዟል? ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ ተስሏል፣ ጮክ ተብሎም ይነበባል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ መኖራቸው ማንንም ነጥሎ አያሳይም። «ማንበብ የሚያቅተው ማነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚያ እጅ አይወጣም። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን አስፈላጊ ናት። እጅ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚያስቡት ያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። ሌላው መልሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሁሉም ግምቱን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል ወይም ይስላል፤ ወረቀቱን ይገለብጠዋል። ሦስት ምርጫ አለው፤ ያኛው፣ ይህኛው፣ ወይም እኩል ናቸው። ማንም አያየውም። ለመሳሳት የሚፈራው ልጅ ፊት ለፊት ሳይጋለጥ የራሱን ግምት ይይዛል፤ ፈጣኑ ልጅም ለሌሎች መልሱን አይነጥቃቸውም። ይህ የመጀመሪያው መርህ በተግባር ነው። ተማሪን መሳብ ሲባል ብዙ ጊዜ ጨዋታና ጭብጨባ ይታሰባል። እዚህ ግን የሳበው ነገር አንድ ነው፦ ሁሉም የራሱ ግምት ትክክል መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

«እኩል ናቸው» የሚሉት ልጆች ብዙ ይሆናሉ። ምክንያታቸው ደግሞ የሚያሳምን ነው። «2/3 ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል፤ 3/4ም አንድ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ እኩል ናቸው።» የጎደሉትን ክፍሎች ቆጥረዋል፤ የክፍሎቹን መጠን ግን አላዩም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንመርጥ ይህን ስሕተት እንዲያወጣ አድርገን ነው የመረጥነው። 1/4 እና 3/4ን አምጥተን ቢሆን ሁሉም በትክክል ይመልስ ነበር፤ እኛም ምንም አናውቅም ነበር።

ቀጥሎ ማሳየት ይመጣል። ስትሪፖቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከሥራቸው ከ0 እስከ 1 የሆነ፣ ያው 24 ሴንቲሜትር የሆነ የቁጥር መስመር ይሠመራል። አጠገቡ 2/3 እና 3/4 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው መርህ፣ ማለትም አቀራረብን ማብዛት፣ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚተረጎመው እዚህ ነው። ለአንዱ ልጅ ስትሪፕ፣ ለሌላው መስመር፣ ለሌላው ቁጥር መስጠት ይመስላቸዋል። «ይህ በዓይኑ የሚማር ነው፤ ያ በእጁ የሚማር ነው» የሚለው አባባል ከዚህ ጋር ይቀላቀላል። ልጅን በእንዲህ ዓይነት ምድብ ከፍሎ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል የሚለው ሐሳብ ሲፈተሽ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘለትም። ዩዲኤልም ያንን አይልም። ሦስቱም ለሁሉም ይቀርባሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መያያዝ አለባቸው። መምህሩ ጣቱን የስትሪፑ 16 ሴንቲሜትር ላይ ያደርጋል፤ ቀጥታ ወደ መስመሩ ያወርዳል፤ ከዚያ 2/3 የሚለውን ጽሑፍ ይነካል። ማያያዣው ከሌለ ልጁ ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮችን ነው ያየው።

እዚህ ላይ መስማት ስለተሳናት ልጅ እናስብ። መምህሩ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ካወራ፣ እሷ ዓይኗን ወዴት ታድርግ? ወደ አስተርጓሚው ብታይ ጣቱ ያመልጣታል። ወደ ጣቱ ብታይ ንግግሩ ያመልጣታል። መፍትሔው ምንም ዕቃ አይፈልግም። አሳይ፣ ቁም፣ ከዚያ ተናገር። በመሃል ሦስት አራት ሴኮንድ ዝምታ አለ። ያ ዝምታ መመሪያ የሚጠፋበትንም ልጅ ይጠቅመዋል፤ ያየውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ለ«ላዕል» እና ለ«ታህት» የትኛውን ምልክት እንደሚጠቀሙም መምህሩና አስተርጓሚው አስቀድመው ይስማሙ። ክፍል ውስጥ ከሆነ በኋላ ቃሉ በፊደል እየተጠቆመ ሐሳቡ ይቆራረጣል።

ስለ ቃል ካነሳን፣ የራሳችን ቋንቋ የሚፈጥረውም እንቅፋት አለ። «ሦስተኛ» ስንል ልጁ ከዚህ በፊት የሚያውቀው ተራ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አሁን ድንገት «ሁለት ሦስተኛ» እንለዋለን። ደረጃ የሰማ ልጅ አራተኛ ከሦስተኛ በኋላ የሚመጣ፣ ከዚያም የሚያንስ ነገር ሊመስለው ይችላል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱንም አብረን እንበል፦ «ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከሦስት እኩል ክፍል ሁለቱ።» ደጋግመን እንበለው። ሰሌዳው ጥግ ላይም ከሥዕል ጋር ተጽፎ እስከ መጨረሻው ይቆይ።

አሁን ወደ ሥራው። 15 ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል። ስድስት የክፍልፋይ ጥንዶች ተዘጋጅተዋል፤ ልጁ ሦስት ይመርጣል። አንዱ ግን ግዴታ ነው፤ 5/6 እና 7/8። ምክንያቱም በስትሪፑ ላይ 20 እና 21 ሴንቲሜትር ናቸው፤ ልዩነታቸው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በዓይን ለማመን ያስቸግራል። ልጁ «ሁለቱም አንድ ክፍል ይጎድላቸዋል፤ ግን 1/8 ከ1/6 ያንሳል፤ ስለዚህ 7/8 የጎደለው ትንሽ ነው፤ እሱ ይበልጣል» ወደሚል አስተሳሰብ መምጣት አለበት። ሌላ ትእዛዝም አለ፤ ስትሪፑን ከማንሳቱ በፊት ይገምታል። ይህ ካልተደረገ ስትሪፑ መለኪያ ብቻ ይሆናል። ልጁ ሳያስብ አስቀምጦ ያነብባል። ትክክል ይመልሳል፤ ግን አልተማረም። እንደዚያ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ስትሪፑን ለአንድ ጥያቄ ውሰዱበት። እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ስትሪፑ እያሰበለት ነበር ማለት ነው።

መመሪያው ሰሌዳ ላይ በሦስት አጭር መስመር ተጽፎ ይቆያል። ገምት። አረጋግጥ። ለምን እንደሆነ አሳይ።

«አሳይ» የሚለው ሦስተኛውን መርህ ይዟል። ልጁ መጻፍ ይችላል። መሳል ይችላል። ስትሪፑን ደርድሮ ለመምህሩ ወይም ለጓደኛው በቃል ወይም በምልክት ማስረዳት ይችላል። ሦስት መንገድ ይበቃል። እኔ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ምርጫ የያዘ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ ፖስተር፣ ድራማ፣ ግጥም፣ ምኑ ቅጡ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን አብዛኞቹ ፖስተር ቀለም እየቀቡ ነበር፤ ክፍልፋይ ያነጻጸረ ጥቂት ነው። ምርጫ ሲበዛ መምረጡ ራሱ ሥራ ይሆናል፤ ትኩረቱ ቶሎ ለሚበተን ልጅ ደግሞ ዋናው ሥራ ይሆንበታል።

መንገዱ ይለያይ እንጂ መመዘኛው አንድ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው? ሁለቱ ክፍልፋዮች የእኩል ነገር ክፍሎች መሆናቸው ታይቷል? ምክንያቱ ስለ ክፍሎቹ መጠን ይናገራል? ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ለሚስሉ ልጆች ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ክብ ስሎ 2/3ን ትልቁ ላይ የቀባ ልጅ፣ ሥዕሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር ምክንያት አላቀረበም። በቃል የሚያስረዳ ልጅም ከዚህ አያመልጥም። «ይህ ስለሚበልጥ ይበልጣል» ካለ፣ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንድ መምህራን በቃል የሚመልስን ልጅ እየራሩ ግማሽ መልስ ይቀበሉታል። ልጁን ያልጠቀመ ደግነት ነው። ያው ዓላማ፣ ያው መመዘኛ ካልተጠበቀ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትምህርት ይኖራል፤ አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል። ልጆች ደግሞ የትኛው ውስጥ እንዳሉ ቶሎ ያውቃሉ።

የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ያለ ስትሪፕ። የመጀመሪያው 5/8 እና 3/4። ሁለተኛው 1/2 እና 7/12። ጥንዶቹ እንዲሁ አልተመረጡም። ስለ ክፍልፋይ ብዙ ጊዜ የሚታዩ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው «ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይበልጣል» የሚል ነው። ይህ ልጅ 5/8 ይበልጣል ይላል፤ ተሳሳተ። በሁለተኛው ጥያቄ 7/12 ይላል፤ በአጋጣሚ ትክክል ሆነ። ሌላው «የጎደለው ቁጥር ያነሰው ይበልጣል» ባይ ነው። 5/8 ሦስት ይጎድለዋል፤ 3/4 አንድ፤ ስለዚህ 3/4 ይላል፤ ትክክል ሆነ። በሁለተኛው ግን 1/2 አንድ ይጎድለዋል፤ 7/12 አምስት፤ ስለዚህ 1/2 ይላል፤ ተሳሳተ። «ታህቱ ትንሽ የሆነው ይበልጣል» የሚለውም እንደዚሁ የመጀመሪያውን አግኝቶ ሁለተኛውን ይስታል። መጠኑ የገባው ልጅ ሁለቱንም ያገኛል። 3/4 ማለት 6/8 ነው፤ ከ5/8 ይበልጣል። የ12 ግማሽ 6 ነው፤ ስለዚህ 7/12 ከግማሽ ያልፋል።

የአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ልጆች አንዱን ገብቶታል ብለን እናልፈው ነበር። ሁለቱ ጥንዶች አብረው ሲታዩ ግን የስሕተቱን ዓይነት ይነግሩናል። መልሱንም ልጁ በሚችለው መንገድ ይሰጣል፤ ያከብበዋል፣ ይናገረዋል፣ ይጠቁመዋል። ለመልሱ ምልክት ማድረግ ስለሚበቃ፣ ምክንያቱንም መሳል ስለሚቻል ጽሑፍ የሚከብዳት ልጅ ከማንም እኩል ትጨርሳለች።

ዩዲኤል የማይሠራውንም መናገር አለብኝ። ለአንድ ልጅ በግል የሚያስፈልገውን ድጋፍ አይተካም። ብሬል የሚያነብ ልጅ ብሬል ያስፈልገዋል፤ ጥርስ ያለው ስትሪፕ አይበቃውም። አስተርጓሚ የምትፈልግ ልጅ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። ዕቅዱ ሰፋ ብሎ ሲነደፍ የሚቀንሰው በኋላ የሚለጠፈው ማስተካከያ ብዛት ነው። «ክፍሉን በዩዲኤል እያስተማርን ስለሆነ የግል ዕቅድ አያስፈልግም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት።

ማስረጃውን በተመለከተም ተቺዎች የሚያነሱት ትክክለኛ ነጥብ አለ። መመሪያው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ጥናቶች «ዩዲኤል» ብለው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊፈትኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ ትንተና በዚህ አካሄድ የተማሩ ተማሪዎች ውጤት በአማካይ የተሻለ መሆኑን አግኝቷል። ግን አማካይ ነው። «ዩዲኤል ተጠቀምኩ» የሚል ቃል ብቻውን ስለ ክፍሉ ምንም አይነግረኝም። ዓላማው ምን እንደሚል፣ የትኛው ድጋፍ እንደተፈቀደና የትኛው እንደተከለከለ፣ ለምንስ እንደሆነ ሲነገረኝ ነው መወያየት የምንችለው።

የሥራ ጫናው ጉዳይም አለ። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ማዘጋጀት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ሰው በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ አያውቅም። እኔ የማደርገው አንድ ትምህርት መርጬ ልጆች በየዓመቱ የሚሰናከሉበትን አንድ ቦታ ማስተካከል ነው። በዚህኛው ዕቅድ ከአንድ ነገር በላይ ማድረግ ካልቻላችሁ ዓላማውን ጻፉት እንደገና። ሁለት ነገር ከቻላችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ጨምሩ። ስትሪፑ ለሚቀጥለው ዓመት ሊቆይ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቶቹ በሦስት ክምር ይለያሉ። ሁለቱንም ያገኙት አንድ ክምር ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ያገኙት ሌላ ክምር ናቸው፤ እነሱ የጎደለውን ወይም ታህቱን ብቻ እያዩ ነው፤ ስትሪፑን ይዘው 1/2 እና 7/12ን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሁለተኛውን ብቻ ያገኙት ሦስተኛ ክምር ናቸው፤ ቁጥሩን እንደ ሙሉ ቁጥር እያነበቡት ነው፤ 1/8 እና 1/4ን በማነጻጸር ይጀምራሉ። ሁለቱንም የሳተ ካለ ምናልባት ገምቶ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል። ስልቱን ከቤት ተምሮ የመጣው ፈጣኑ ልጅ ሁለቱንም አግኝቷል፤ ግን የምክንያት ቦታው ላይ «አባዝቼ» ብቻ ብሏል። ለእሱ የሚሰጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሳታባዛ አሳየኝ።» ማንበብ የምትቸገረው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ክምር ውስጥ ናት። ወረቀቷ ላይ ሁለት ክብ ምልክትና አንድ ሥዕል አለ፤ ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ስትሪፖች፣ መነሻቸው በትክክል የተገጠመ።